ከ1000 ፒፒኤም ወደ 1 ፒፒኤም፦ ሁለት ደረጃ ወይስ ሦስት?

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ሰበታ ነው የምኖረው፣ በኬሚስትሪ ተመርቄያለሁ። ገላን አካባቢ ለላብራቶሪ ሥራ የተግባር ፈተና ሰጡኝ፤ ከ1000 ፒፒኤም የእርሳስ ስቶክ 1 ፒፒኤም ስታንዳርድ አዘጋጂ አሉኝ። ደረጃው ሲያንስ ስህተቱም ያንሳል ብዬ በሁለት ደረጃ ጨረስኩት። "አንሰርተንቲው ስንት ነው?" ሲሉኝ ግን ዝም አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ቦታ ፈተና አለኝ፤ ምን ልበል?»

ሰላም እህቴ። መጀመሪያ 1 ሚሊ ሊትር ወደ 100፣ ቀጥሎ 10 ወደ 100 ነው የሠራሽው ብዬ ልነሳ። የሸወደሽ ያቺ የ1 ሚሊ ሊትር ፒፔት ናት። በአይኤስኦ 648 ለክላስ ኤ ፒፔት የሚፈቀደው ስህተት ለ1 ሚሊ ሊትር 0.008፣ ለ10 ሚሊ ሊትር 0.02 ነው። የ10ሩ የበለጠ ይመስላል። ከያዘው መጠን ጋር ስታስተያዪው ግን የትንሿ 0.8 በመቶ፣ የትልቁ 0.2 በመቶ ብቻ ነው። የ100 ሚሊ ሊትር ፍላስክ ደግሞ 0.1 በመቶ።

ስታቀጥኚ የምታባዢና የምታካፍዪ ስለሆነ፣ የየደረጃውን ስህተት በመቶኛ ጽፈሽ፣ እያንዳንዱን ስኩዌር አድርገሽ ትደምሪና ስኩዌር ሩት ታወጫለሽ። ያንቺ መንገድ ይሄ ነው፦

√(0.8² + 0.1² + 0.2² + 0.1²) = 0.84 %

10 ወደ 100 ሦስት ጊዜ ብትሄጂ ግን፦

√(3 × (0.2² + 0.1²)) = 0.39 %

አንድ ደረጃ ጨምረሽ ስህተቱ ከግማሽ በታች ወረደ። ስታንዳርድ አንሰርተንቲ ካሉሽ እያንዳንዱን ለ√3 አካፍዪ፤ ንጽጽሩ አይለወጥም። የስቶኩ ሰርተፊኬት ላይ የተጻፈውንም መጨመር አትርሺ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ሦስቱንም ደረጃ በአንድ ፒፔትና በአንድ ፍላስክ ከሠራሽ፣ ትንሽ አብዝቶ የሚለቅ ፒፔት ሦስቴም አብዝቶ ነው የሚለቀው። ስለዚህ የፒፔቱ 0.2 ሦስቴ ቀጥታ ተደምሮ 0.6፣ የፍላስኩም 0.3 ይሆናል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ወደ 0.67 በመቶ ይወጣል። ሳይጠይቁሽ ይህን ብትናገሪ ጠያቂው ቀና ብሎ ያይሻል።

አንድ የራሴን ልንገርሽ። ስሠራ በነበርኩበት ላብራቶሪ 10 ፒፒኤሙን መሃለኛ ሳዘጋጅ ፒፔቷ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ቀርታ ነበር፤ አላየኋትም። አምስቱንም ስታንዳርድ ከዚያው አወጣሁ። የካሊብሬሽን መስመሩ እንደ ክር ቀጥ አለ፣ R² 0.9999። ሁሉም እኩል ስለቀጠኑ መስመሩ ምን ብሎ ይጣመም? ስታንዳርዶቹ ከተጻፈባቸው ስላነሱ ናሙናው ሁሉ ከፍ ብሎ እየተነበበ ነበር። ጉዱ የወጣው ከሌላ አምራች ስቶክ፣ በሌላ ፒፔት የተዘጋጀው 5 ፒፒኤም ማረጋገጫ 5.3 ሲያነብ ነው። የዚያን ቀን ውጤት በሙሉ እንደ አዲስ ሠራን።

ስለዚህ ለፈተናው ስትገቢ የ10 ሚሊ ሊትሩን ፒፔት አንሺ፣ በራሱ በሚወሰደው መፍትሔ አለቅልቂው፣ ጫፉን ወደ ብርሃን አቅርበሽ አረፋ እንደሌለው እዪ፣ ከዚያም «ማረጋገጫውን ከየትኛው ስቶክ ልሥራ?» ብለሽ ጠይቂያቸው።