የሸሚዙን ጭምድድ ስታጠፉ ጨርቁን አታጥፉት

በቅርቡ አንድ ወጣት ፎቶ አንሺ በቴሌግራም ጻፈልኝ። "ጋሼ፣ የሸሚዝ ጭምድድ ሳጠፋ ሸሚዙ ይበላሽብኛል። ምን ላድርግ?" ይላል። የአንድ ተመራቂ ፎቶም አያይዟል። ፊቱ ጥሩ ነው። ክራቫቱም ጥሩ ነው። ሸሚዙ ግን የለም። ነጭ ወረቀት ተቆርጦ ኮቱ መሃል የተለጠፈ ነው የሚመስለው።

በሁለት መስመር ልመልስለት ነበር። ግን ፎቶው የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝና ነገሩ ረዘመ።

ያኔ ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ነበር የምሠራው። ፊልም እየቀረ ዲጂታል እየገባ ያለበት ዘመን ነው። Healing Brush የሚባለው መሣሪያ በፈረንጆቹ 2002 ከፎቶሾፕ 7 ጋር ነበር የመጣው፤ ለእኛ ገና ብርቅ ነበር። ከዚያ በፊት ያለን Clone Stamp ብቻ ነው። ከዚያም በፊት እርሳስ። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ የኔጋቲቩን ፊልም ከብርሃን ፊት አቁመው፣ እርሳሱን እንደ መርፌ አሹለው፣ ሲታተም የሚጠቁረውን መስመር በነጥብ በነጥብ ይሞሉት ነበር። ኔጋቲቭ ላይ እርሳስ የነካው ቦታ ሲታተም ይነጣል። እሳቸው ሸሚዝ አይነኩም ነበር። "ሸሚዙን ሚስቱ ትተኩስ" ይሉ ነበር። ጨዋታቸው ሌላ ጊዜ።

አንድ ቀን ጡረታ የሚወጡ መምህር መጡ። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሊሰቅለው የፈለገው ፎቶ ነው፤ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር። ልጃቸው ለዚሁ ብላ ሸሚዝ ገዝታላቸዋለች። ነጭ ነው፤ ግን ተራ ነጭ አይደለም። ሽመናው ጎላ ያለ፣ ድርና ማጉ በዓይን የሚቆጠር ወፍራም ጥጥ ነው። ችግሩ ከፓኬቱ ወጥቶ ሳይተኮስ መለበሱ ነው። ደረታቸው ላይ ሁለት ቁም፣ ሆዳቸው ላይ አንድ አግድም የእጥፋት መስመር ቀርቷል። ባለቤታቸው ታክሲ ውስጥ ነጠላ ለብሰው አጠገባቸው ስለተቀመጡ የጥቁር ሰማያዊው ኮት ግራ እጅጌ በጥጥ ብናኝ ተሞልቷል። ተራ ሲጠብቁ ደግሞ ሻይ ጠጥተው አንዲት ጠብታ ከኪሱ በታች ወድቃለች። ሦስቱም ጣጣ በአንድ ሰው ላይ። ዛሬም ለሚጠይቀኝ ልጅ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኝም።

ከብናኙ ጀመርኩ። ሁልጊዜም ከእሱ ጀምሩ፤ ካልተነሳ ሌላውን ሥራ ስታዩ ዓይናችሁን ያታልላል። በባዶ ሌየር ላይ ነው የሚሠራው፤ ያኔ Use All Layers፣ ዛሬ Current & Below የሚለውን መርጦ። ለጥቁር ኮት አንድ ዘዴ አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የባዶውን ሌየር ሞድ Darken አድርጉትና በ Clone Stamp ከአጠገቡ ካለው ንጹሕ ጨርቅ እየቀዳችሁ ብናኙን ንኩት። Darken ከምትቀዱት የነጣውን ብቻ ነው የሚያጨልመው። ነጩ ብናኝ ይጠፋል፤ በዙሪያው ያለው ጥቁር ክር አብዛኛው ሳይነካ ይቀራል። ስትቀዱ የሽመናውን አቅጣጫ ተከተሉ። እጅጌው ላይ ክሩ ወደ ታች ከሄደ የምትቀዱትም ወደ ታች የሚሄድ ይሁን። ምንጩን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ ያለዚያ አንዷ ክር እዚህም እዚያም ትደጋገማለች። ህትመት ላይ መጀመሪያ የምትታየው እሷ ናት።

ሻዩ ላይ ስደርስ መጀመሪያ Healing Brush አነሳሁ፤ ወዲያው አስቀመጥኩት። እድፍ ቀለም ነው። ከስሩ ያለው ክር አልተበላሸም፣ ልክ በቦታው አለ። ታዲያ ያለውን ክር ለምን በሌላ ክር እሸፍናለሁ? አዲስ ሌየር ከፈትኩ፤ ሞዱን Color አደረግኩት። በብሩሹ ከጠብታዋ አጠገብ ያለውን የሸሚዙን ቀለም ቀድቼ በላይዋ ቀባሁ። Color ቀለሙን ይቀይራል እንጂ ብርሃንና ጥላውን አይነካም፤ ስለዚህ የክሩ ውጣ ውረድ እንዳለ ይቆያል። ቡናማው ሄደ፤ የቀረው ግራጫ ጥላ ነው። እሱን በ Curves ማንሳት ነው። መሃሉን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ ማስኩን በ Ctrl+I ጥቁር አድርጉት፣ ከዚያ እድፉ ላይ ብቻ ነጭ በስሱ ቀቡ። የጠብታዋ ዳር ከመሃሏ ይጠቁራል፤ ሻይም ቡናም ሲደርቅ ጠርዙ ላይ ነው የሚከማቸው። ዳሩን በትንሽ ብሩሽ ለብቻው አንሱት።

ቀለሙን ከየት እንደምትቀዱ ግን ልብ በሉ። ነጭ ሸሚዝ ነጭ አይደለም። በጥላው በኩል ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በመብራቱ በኩል ሞቅ ይላል። ጥላ ውስጥ ያለ እድፍን ብርሃን ውስጥ ባለ ቀለም ብትቀቡት አንዱን እድፍ በሌላ እድፍ ነው የምትተኩት።

ጭምድዱ ነበር ዋናው። የእጥፋት መስመርን ቀረብ ብላችሁ ብታዩት አንድ መስመር አይደለም፤ ሁለት ነው። በአንድ ጎኑ ብርሃን ይዞ ይነጣል፤ በሌላው ጎኑ ይጠላል። ሁለቱ ተደምረው ነው ጉብታ የሚመስለው። ስለዚህ መፍትሔው የነጣውን ማጨለም፣ የጨለመውን ማንሳት ነው። ሁለት Curves ሌየር ይበቃል፣ አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ የሚያጠላ፤ የሁለቱም ማስክ ጥቁር ይሁን። የብሩሹን Flow ከ3 እስከ 5 በመቶ፣ ስፋቱን በመስመሩ ልክ አድርጉ። ደጋግሞ መቀባት ነው። ጨርቁ ላይ ምንም ነገር አልተለጠፈም፤ ክሩ ራሱ ነው የበራው ወይም የጨለመው። እጥፋቱ በጣም ስለታም ከሆነ ቀጭን ጭረት ይቀራል። ለእሷ ብቻ Healing Brush ፈቅጃለሁ፤ ምንጩ በዚያው በቁሙ ክር መስመር ላይ ይሁን። ክራቫት ወይም የኮት ጠርዝ አጠገብ ከሆናችሁ ግን መጀመሪያ በ Lasso ነጩን ብቻ ምረጡ። Healing Brush ከዙሪያው ቀለም ስለሚወስድ ያለዚያ የክራቫቱን ጥቁረት ወደ ሸሚዙ ይጎትታል።

ሁሉንም አላጠፋሁም። ከፓኬት የመጡትን ቁምና አግድም መስመሮች አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ እስኪቀሩ አለዘብኳቸው። ከብብት የሚነሱትን፣ ክርን ላይ ያሉትን፣ ወደ ቁልፉ የሚሳቡትን አልነካሁም። እነዚያ የሰውየው ናቸው። ትከሻው የት እንደሚያልቅ፣ ደረቱ ምን ያህል እንደሚሞላ የሚነግሩን እነሱ ናቸው።

ሥራውን ጨርሼ ከምሳ ስመለስ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። "ነጭ ሸሚዝ ነጭ ነው፤ ይሄ ምንድነው ሽብሽቡ?" አለ። ሸሚዙን መርጦ Gaussian Blur ለቀቀበት። ከዚያ ብርሃኑን ገፋው። ሌየሮቹን አንድ ላይ ጨፈለቀና በዚያው ፋይል ላይ ሴቭ አደረገው። ሦስት ደቂቃ አልፈጀበትም። እኔ ቆሜ አየሁ። ደመወዝተኛ ነኛ፣ ምን እላለሁ።

ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ መምህሩ አመሰገኑ። ልጃቸው ግን ቀረብ ብላ ደረቱን አየችና "ይሄ እኔ የገዛሁለት ሸሚዝ ነው?" አለች። ማንም አልመለሰላትም። የሚቆጨኝ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ብለር አይደለም። ሌየሩን የያዘው ፋይል በሌላ ስም ቢቀመጥ ኖሮ በማግስቱ ማሳተም ይቻል ነበር። የካሜራው ካርድም በዚያው ቀን ለሌላ ሥራ ጸድቶ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ እናንተ አንድ ነገር ልበል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት በአንድ ክሊክ የሚሠራ አክሽን ያ ሰውዬ ከሠራው ብዙ አይለይም። Frequency Separation ብላችሁ ትጠሩታላችሁ። ብርሃኑን በታችኛው ሌየር፣ ሽመናውን በላይኛው ሌየር ይከፍሉና የታችኛውን ያደበዝዙታል። ለሸሚዝ አልወደውም። የታችኛው ሌየር ላይ ያሉት እጥፋቶች ሲጠፉ ክሩ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይቀራል። ሽመና አለ፤ አካል የለም። የእናንተ ትውልድ ቶሎ መጨረስ ይወዳል፤ ችግሩ እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም በቅርቡ ለአንድ ሙሽራ ተጠቅሜበታለሁ። ሸሚዙ ላይ ከግቢው ሣር የተንጸባረቀ አረንጓዴ ጥላ በየቦታው ነበር፤ ለእንደዚያ ላለ ሰፊና ለስላሳ ነገር ከእሱ የተሻለ የለም። ከተጠቀማችሁ የብለሩን መጠን በቁጥር አትሸምድዱ። የታችኛው ሌየር ላይ ሽመናው የጠፋበት፣ እጥፋቱ ግን ገና የሚታይበት ቦታ ላይ አቁሙ። ከዚያም ጠቅላላውን ሳይሆን በ Lasso የመረጣችሁትን፣ ዳሩን ያለሰለሳችሁትን ቁራጭ ብቻ አደብዝዙ።

ሥራችሁ ሽመናውን ማጥፋት አለማጥፋቱን ለማወቅ ከላይ አንድ ጊዜያዊ Curves ጨምሩና ነጩ ግራጫ እስኪሆን ወደ ታች ሳቡት። ያበላሻችሁት ቦታ ሁሉ እንደ ደመና ብቅ ይላል። አይታችሁ ሌየሩን ሰርዙት። አንድ ገደብ ግን አለው። Info ላይ ሦስቱም ቁጥር 255 ካሳየ እዚያ ቦታ ክር አልተቀረጸም፤ የሚመለስ ነገር የለም። የምትችሉት ከዚያው ሸሚዝ፣ በተመሳሳይ ብርሃን ካለ ቦታ፣ ቁራጭ መዋስ ብቻ ነው። ስለዚህ ስታነሱ ሸሚዙ 240 አካባቢ እንዲያርፍ አድርጉ፤ ፊቱን በኋላ ማንሳት ይቻላል።

ባለ መስመር ሸሚዝ ሌላ ጣጣ ነው። እዚያ Healing Brush መስመሩን ይሰብረዋል። እኔ ብርሃንና ጥላውን ብቻ አስተካክዬ እተወዋለሁ። የጠመመ መስመር ጨርቅ ነው ያሰኛል፤ የተሰበረ መስመር ግን ስህተት ነው።

ለጠየቅኸኝ ልጅ፦ የላክኸው ፎቶ በቴሌግራም ተጨምቆ ነው የደረሰኝ፤ ሽመናው አንተ አጥፍተኸው ይሁን ቴሌግራም በልቶት መለየት አልቻልኩም። ያልተነካውን ኦሪጅናል በፋይል መልክ ላክልኝ። ሌየር ያለበትን PSD ካላጠፋኸው እሱንም ጨምርልኝ።