የሎድ ሴል ማጉያ፦ ስለ ጌይንና ስለ ኮመን ሞድ ጠይቁኝ

ሥራዬ የፋብሪካ ሚዛን መጠገን ነው። አንዳንዴ የማጉያ ሰሌዳውንም ራሴ እሠራለሁ። እንዳንደናገር ሁላችንም አንድ ምሳሌ እንያዝ። ሎድ ሴሉ እስከ 10 ኪሎ ይችላል፣ ብሪጁ 350 ኦም ነው፣ ሲሞላ በአንድ ቮልት ምግብ 2 ሚሊቮልት ይሰጣል። የምንመግበው 5 ቮልት ነው። እንግዲህ 10 ኪሎ ሲጫን 10 ሚሊቮልት ይወጣል፣ አንድ ግራም ማለት አንድ ማይክሮቮልት ነው። ከዚህ በታች የእናንተ ጥያቄ ይቀድማል፣ መልሴ ይከተላል።

ጋሼ፣ AD620 የሚባለውን የማጉያ ቺፕ በ5 ቮልት ብቻ እያሠራሁ ነው። ጌይኑን የሚወስነው ሬዚስተር RG 249 ኦም፣ የውጤቱ መነሻ የሆነው REF እግር ግራውንድ ላይ። ባዶውን 1.1 ቮልት ያሳያል። አንድ ኪሎ ብጭን፣ ሦስት ኪሎ ብጭን ንቅንቅ አይልም። ከ5 ኪሎ በላይ ሲሆን ግን ይነሳል። ቺፑ ተቃጥሎ ይሆን?

ቺፑ ደህና ነው። ጌይኑንም በትክክል መርጠሃል፦

```
G = 1 + 49400/RG = 1 + 49400/249 = 199.4
```

ስለዚህ ከባዶ እስከ ሙሉ ውጤቱ ከ0 እስከ 2 ቮልት መሄድ ነበረበት። ችግሩ AD620 እስከ ግራውንድ መውረድ አይችልም። ከታች 1.1 ቮልት፣ ከላይ 1.2 ቮልት ያህል ይቀረዋል። በ5 ቮልት የምታሠራው ከሆነ ያለህ ቦታ ከ1.1 እስከ 3.8 ነው። አንተ የታችኛውን ግማሽ ወለሉ ውስጥ ቀብረኸዋል። 1.1 ቮልት ለመድረስ 5 ኪሎ ተኩል ያስፈልጋል፣ ያየኸውም እሱን ነው።

REFን ወደ 1.5 ቮልት ከፍ አድርገው። ያኔ ከ1.5 እስከ 3.5 ትሄዳለህ፣ ከላይም ከታችም ትንሽ ትርፍ አለህ። ትርፉን በጌይን አትብላው። ብሪጁ ራሱ ባዶውን ትክክል ዜሮ አይሆንም፣ ሰውም ከ10 ኪሎ በላይ መጫኑ አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። RGን ብሬድቦርድ ላይ አትሰካው፣ በብየዳ አጣብቀው። 249 ኦም ላይ የአንድ ኦም የመነካካት ችግር ጌይኑን 0.4 በመቶ ያዛባል። 10 ኪሎ ላይ 40 ግራም ነው።

ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? እኔ REFን በሁለት 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ከፍዬ 2.5 ቮልት ሰጠሁት። ባዶውን ልክ 2.5 ያሳያል፣ በሚታወቅ ክብደትም አስተካክዬዋለሁ። ለREF ሌላ ኦፕ አምፕ መጨመር ገንዘብ መበተን ነው።

REFን ማንሳትህ ልክ ነው። ያነሳህበት መንገድ ግን ጉድ ሠርቶሃል፣ እንዳታየውም አድርጎሃል።

ከREF በስተኋላ ቺፑ ውስጥ የተመጣጠኑ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች አሉ። ኮመን ሞዱን፣ ማለትም በሁለቱም መግቢያዎች ላይ እኩል የሚመጣውን ቮልቴጅ፣ የሚሰርዘው የእነሱ እኩልነት ነው። የአንተ ሁለት ሬዚስተሮች አንድ ላይ 5 ኪሎ ኦም ሆነው በአንዱ ወገን ተጨመሩ። ሚዛኑ ፈረሰ። አሁን ሁለቱም መግቢያዎች እኩል 1 ቮልት ከፍ ቢሉ፣ ምንም መሆን ያልነበረበት ውጤት 0.2 ቮልት ይንቀሳቀሳል።

ታዲያ ለምን ባዶውን ልክ 2.5 አሳየ? የብሪጁም መካከል 2.5፣ REFም 2.5 ስለሆነ ነው። ሁለቱ ሲገጥሙ ስህተቱ ይደበቃል። ጌይንህም በ10 በመቶ አድጓል፣ ግን በክብደት ስላስተካከልከው አላየኸውም። 100 ሚሊቮልት የ50 ኸርዝ ጩኸት ሁለቱ ሽቦዎች ላይ ቢገባ 20 ሚሊቮልት ውጤትህ ላይ ይወጣል። በአንተ ሚዛን ከ90 ግራም በላይ መንቀጥቀጥ ማለት ነው።

ክፍፍሉን አትጣለው። በእሱና በREF መካከል አንድ ኦፕ አምፕ እንደ በፈር አስገባ፣ በቃ።

እሺ፣ 50 ኸርዙን እሞክረዋለሁ። ግን የኔ ሚዛን 6 ኪሎ ገደማ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እሱም ከዚህ ነው?

አይደለም፣ እሱ የጣሪያው ነገር ነው። ከ2.5 ተነስተህ 3.8 ላይ ጣሪያውን ትመታለህ። ለዚህ ነው 1.5 ያልኩት።

ተማሪ ነኝ። ብሪጁ መካከል ያለው 2.5 ቮልት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የሚያመጣው ስህተት በመጀመሪያ ዜሮ ሲደረግ አብሮ ይጠፋል። ታዲያ ሰው ስለ CMRR፣ ማለትም ማጉያው ኮመን ሞድን ስለሚሰርዝበት አቅም፣ ለምን ይጨነቃል? LM358 እና አራት ባለ 1 በመቶ ሬዚስተር ለምን አይበቃም?

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ እውነት ነው። በ100 ዴሲቤል 2.5 ቮልት የሚያመጣው 25 ማይክሮቮልት ነው። እሱ 25 ግራም ይሆናል፣ ዜሮ ስታደርገው ይጠፋል።

የማይጠፋው የሚንቀሳቀሰው ነው። የስክሪኑ መብራት ሲበራ 5 ቮልቱ ወደ 4.9 ወረደ እንበል። የብሪጁ መካከል 50 ሚሊቮልት ይወርዳል። በ100 ዴሲቤል ግማሽ ግራም ነው፣ ማንም አያየውም። አንተ ያልከው አሠራር በ200 ጌይን፣ ሬዚስተሮቹ በክፉ አቅጣጫ ከተለያዩ፣ 74 ዴሲቤል ገደማ ነው። እዚያ ያው 50 ሚሊቮልት 10 ግራም ይሆናል። ሬዚስተሮቹ ሲሞቁ ደግሞ ያ ዜሮ ያደረግከው ስህተት ራሱ ይሄዳል። ከዚያ ላይ የመግቢያ ሬዚስተሮቹ ብሪጁን ይጫኑታል።

የ5 ቮልቱ መውረድ ሲግናሉንም ያሳንሰዋል፣ እሱ ሌላ ነው። መድኃኒቱ የኤዲሲውን ሪፈረንስ ከዚያው ከ5 ቮልቱ መውሰድ ነው።

HX711 ገዝቶ መገላገል አይሻልም?

ለሚዛን ከሆነ አዎ፣ አልከራከርህም። ጌይን 128 አለው፣ ሪፈረንሱም ከብሪጁ ምግብ ጋር አብሮ ይሄዳል። ግን በሰከንድ 10 ወይም 80 ንባብ ብቻ ነው የሚሰጠው። የማሽን ንዝረት ወይም የምት ኃይል የሚለካ ሰው በእሱ አይሆንለትም።

የኔም የኮመን ሞድ ችግር ነው። አንድ ባለ 120 ኦም ጌጅ ብረት ላይ ለጥፌ በሁለት ረጅም ሽቦ አምጥቼዋለሁ። ሦስቱ የብሪጁ ክንዶች ሰሌዳው ላይ ናቸው። ጠዋትና ቀን የተለያየ ያነባል። የተሻለ CMRR ያለው ቺፕ ጠቁሙኝ።

ወንድሜ፣ ቺፕ አትግዛ። ይሄ ኮመን ሞድ አይደለም፣ ሽቦህ ነው። ሽቦው ደርሶ መልስ 1 ኦም ቢሆን፣ በ10 ዲግሪ ሙቀት 0.039 ኦም ይጨምራል። ብሪጁ ይህንን ከጌጁ መለጠጥ ለይቶ አያውቀውም፣ 160 ማይክሮስትሬን ያህል ብሎ ያነበዋል። ማጉያው ሥራውን በታማኝነት እየሠራ ነው። ከጌጁ ሦስት ሽቦ አምጣ፣ የሁለቱ ለውጥ በአጎራባች ክንዶች ላይ ይጠፋፋል።

በፈሩን አስገብቻለሁ፣ REF 1.5 ነው። ግን የላፕቶፑ ቻርጀር ሲሰካ ቁጥሩ አሁንም ይንቀጠቀጣል፣ ሲነቀል ይረጋል። ኮመን ሞድ መሆኑን በምን ልወቅ?

ሎድ ሴሉን ንቀለው። ሁለቱን መግቢያዎች አንድ ላይ አስረህ 2 ቮልት ስጣቸው፣ ውጤቱን ጻፍ። ቀጥሎ 3 ቮልት ስጣቸው። ጤነኛ AD620 በዚህ ጌይን ከ1 ሚሊቮልት በታች ነው የሚንቀሳቀሰው። 200 ሚሊቮልት ከዘለለ ግን REF አሁንም አልተስተካከለም፣ በፈሩን እንደገና ተመልከት።

እዚህ ካለፈ መግቢያው ላይ ያለውን ፊልተር ጠርጥር። ከሁለቱ መግቢያዎች ወደ ግራውንድ የሚወርዱት ካፓሲተሮች እኩል ካልሆኑ፣ እኩል የመጣው ጩኸት እኩል ሳይሆን ይገባል። እኔ በየመስመሩ 1 ኪሎ ኦምና 1 ናኖፋራድ አደርጋለሁ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ 10 ናኖፋራድ። የመካከሉ ትልቅ ሲሆን የሌሎቹን አለመመሳሰል ይሸፍነዋል።

የቻርጀር ጩኸት ግን ከ50 ኸርዝ እጅግ የላቀ ፍጥነትም አለው፣ የቺፑ CMRR ደግሞ ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ይወርዳል። የአንተ የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ኦሲሎስኮፕ ካገኘህ የውጤቱን ቅርጽ እይና ጻፍልኝ። በ20 ሚሊሰከንድ የሚደጋገም ከሆነ አንድ ነገር ነው፣ ቀጭን ቀጭን ሹል ከሆነ ሌላ።