ሪሌዩ ሪሴት አልቀበልም ሲል

ወጣት ባልደረቦቼ፣

ጀማሪ ሳለሁ ነው። ሦስት የመከላከያ በር ያለው ማሽን ቆመ፤ ሴፍቲ ሪሌዩም ሪሴት አልቀበልም አለ። አለቃዬ ጀርባዬ ላይ ቆሟል። አንድ ኦፕሬተር ዘና ብሎ መጣና «ይሄማ ቀላል ነው» አለኝ። አንደኛውን በር ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሰማያዊውን የሪሴት ቁልፍ ተጫነ። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። እኔም አመስግኜው ሄድኩ። ምን እንዳደረግን የገባኝ ከሳምንታት በኋላ ነው።

የማሽኑ ሽቦ አሠራር ብዙ ቦታ የምታገኙት ዓይነት ነበር። እያንዳንዱ በር ላይ ሁለት ኮንታክት ያለው ስዊች አለ። የሦስቱ በሮች የመጀመሪያ ኮንታክት በተከታታይ ተያይዞ ቻናል 1 ይሆናል፣ ሁለተኛው ደግሞ ቻናል 2። ሁለቱም አንድ ሪሌይ ውስጥ ይገባሉ። የትኛውም በር ሲከፈት ሁለቱም ቻናል መቋረጥ አለበት። አንዱ ብቻ ከተቋረጠ ሪሌዩ ማሽኑን ያቆማል፤ ከዚያም ሁለቱም አብረው ሲቋረጡ እስኪያይ ድረስ ሪሴት አይቀበልም።

የዚያን ቀን የሆነውም ይኸው ነው። የሁለተኛው በር ገመድ ማጠፊያው ጋ ተፈትጎ የቻናል 1 ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። ስለዚህ በሩ ሲከፈት ቻናል 2 ብቻ ተቋረጠ። ማሽኑ ቆመ፤ ሁለት ቻናል የሚደረገውም ለዚህ ነው። ሪሌዩም «አንዱ አልተከፈተም» ብሎ ተቆለፈ። እኛ ግን ጤነኛውን አንደኛ በር ከፍተን ሁለቱንም ቻናል አቋረጥንለት። ሪሌዩ የትኛው በር እንደተከፈተ አያውቅም። ሁለቱ ሲቋረጡ አየ፣ ጥፋቱን ረሳው። ሽቦው እንደተነካካ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሁለተኛው በር በአንድ ቻናል ብቻ ነው የሚጠበቀው። ያም አንድ ቀን ሳይቋረጥ ከቀረ፣ በሩ ተከፍቶ ማሽኑ ይዞራል። ሪሌዩ ምንም አይታየውም።

«ሪሌዩ ላይ ፒኤል ኢ ተጽፏል እኮ» የሚለኝ አይጠፋም። እሱ የሪሌዩ ነው። በማሽን ደህንነት መስፈርቱ በአይኤስኦ 13849-1 ፒኤል፣ ማለትም ፐርፎርማንስ ሌቭል፣ የሚሰጠው ከበሩ ስዊች ጀምሮ የማሽኑን ኃይል እስከሚቆርጠው ኮንታክተር ላለው ሰንሰለት በሙሉ ነው። ከኤ እስከ ኢ አምስት ደረጃ አለ፤ ከፍተኛው ኢ ነው። ደረጃውን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ከአደገኛ ጥፋቶች ምን ያህሉ እንደሚታወቁ ነው። በተከታታይ የተያያዙ ስዊቾች ጥፋትን ስለሚደብቁ ይህ ቁጥር ይወርዳል። እንዲህ ያለ ሰንሰለት ኢ አይደርስም። ብዙ በሮች ቶሎ ቶሎ የሚከፈቱ ከሆነ ዲንም ላይይዝ ይችላል።

ሴፍቲ ፒኤልሲ ካላችሁ እያንዳንዱን በር በራሱ ሁለት ኢንፑት አስገቡ። የሁለተኛው በር ጥፋት በሁለተኛው በር ስም ተይዞ ይቆያል፤ አንደኛውን መቶ ጊዜ ብትከፍቱት አይጠፋም። ሁለቱ ኮንታክቶች እስኪስማሙ የሚጠበቀው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ይሞላል። በሩ ቀስ ብሎ ሲዘጋ ፒኤልሲው ጥፋት እያለ ያስቸግራል፤ ያኔ አንዳንዱ ጊዜውን አምስት ሰከንድ ያደርገዋል። እባካችሁ፣ በሩን አስተካክሉ።

ስለ ሪሴቱ ጥቂት ልበል። ቁልፉ የሚሠራው ሲለቀቅ እንጂ ተጭኖ ሲያዝ መሆን የለበትም፤ አለዚያ አንዱ በፕላስተር ለጥፎት ይሄድና ሪሴቱ በራሱ ይሆናል። ለማወቅ ተጭናችሁ ያዙት፤ እስክትለቁ ምንም መሆን የለበትም። ሪሴት ማሽን አያስነሳም፣ ለማስነሳት ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። የሁለቱ ኮንታክተሮች ረዳት ኮንታክትም በሪሴቱ መስመር ይለፍ፤ አንዱ ተጣብቆ ከቀረ ሪሴት እንቢ ይላል።

ሪሌይ ሲቆለፍባችሁ ሌላ በር አትንኩ። መጨረሻ የተከፈተው የትኛው እንደሆነ ኦፕሬተሩን ጠይቁ። ኃይል አጥፉና ቆልፉ፣ የዚያን በር ሽቦዎች ከተርሚናሉ ንቀሉ፣ በሩን ክፈቱ፣ ሁለቱንም ኮንታክት በሜትር ለኩ። በሩ ተከፍቶ ሜትሩ አንዱ ላይ ከጮኸ አገኛችሁት።

እኛም ያገኘነው እንዲህ ነው። ሜትሩ ጮኸ፣ የገመዱን ሽፋን ቀደድነው፤ ሁለት ራቁት ሽቦዎች ተጠማዘው ተቀምጠዋል። ቻናል 2 እስከዚያ ድረስ ብቻውን ይሠራ ነበር።