«ቤት» ወይስ «ቢት»? የመጽሐፍ ሽፋን ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ከሽፋኑ ቀለም ጋር እንዲሄድ ባርኮዱን ቀይ ላድርገው?

በፍጹም። ብዙዎቹ ማንበቢያዎች ቀይ ብርሃን ስለሚጠቀሙ ቀይ መስመር ከነጭ አይለዩም። ጥቁር በነጭ ያድርጉትና ይገላገሉ።

ጥያቄ፦ መጽሐፌ «የአክስቴ ቤት ቁልፍ» ይባላል። ቴሌግራም ላይ ስለጥፈው ሰው «ምን ይላል?» ይለኛል። ዲዛይነሬ ግን ፊደሉ ትልቅ ነው ባይ ነው።

ዲዛይነርዎ ሽፋኑን የሚያየው በሙሉ ስክሪን ነው። አንባቢው የሚያያት ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህለውን ነው። እስቲ እናስላው። ምስሏ 120 ፒክስል ስፋት አላት እንበል። ግራና ቀኝ ህዳጉ ሲቀነስ 100 ይቀራል። ርዕስዎ በአንድ መስመር 10 ፊደልና 2 ክፍት ቦታ ነው። ለአንድ ፊደል 8 ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል። የ«ቴ» እና የ«ቤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ከዚያ ቢበዛ ሁለቱን ብታገኝ ነው። መሃሏ ይደፈንና «ቤት» «ቢት» ይመስላል። የእኛ ፊደል ድምፁን የሚለውጠው በእነዚህ ትንንሽ ቅጥያዎች ስለሆነ፣ እነሱ ሲጠፉ ቃሉም አብሮ ይጠፋል።

ርዕሱን በሦስት መስመር ይከፋፍሉት። ረጅሙ «የአክስቴ» አምስት ፊደል ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱ 20 ፒክስል ይደርሳል፣ ቀለበቷም ትከፈታለች። ፊደሉ ላይ ያደረጉትን ጥላና ነጭ ጠርዝ ደግሞ በእናትዎ ያንሱት። ጥላው የሚወድቀው ቀዳዳው ውስጥ ነው። ፊደሉን ማወፈርም ከልክ ካለፈ ያንኑ ቀዳዳ ይዘጋል።

ሲጨርሱ ሽፋኑን ጥቁርና ነጭ አድርገው፣ አሳንሰው፣ ርዕሱን ለማያውቅ ሰው ያሳዩ። ጮክ ብሎ ያንብብልዎ። ባለቤትዎ አይቆጠሩም፤ በቃላቸው ያውቁታል።

ጥያቄ፦ የግጥም መድብሌ 64 ገጽ ነው። ጎኑ ላይ ስሜንና ርዕሱን ላስጽፍ?

64 ገጽ 32 ቅጠል ነው። የ80 ግራም ወረቀት አንዱ ቅጠል 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እጥፋቱ በአንድ ሚሊ ሜትር ሲዛነፍ (ይዛነፋል) ስምዎ ፊት ሽፋኑ ላይ ይወጣል። ባዶ ይተዉት።

240 ገጽ ሲጽፉ 12 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ያኔ ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ሲተኛ ቀጥ ብሎ ይነበባል። ግን በእኔ ስሌት ፋይል እንዳያዘጋጁ! የወረቀት ውፍረት እንደየአምራቹ ይለያያል። ማተሚያ ቤቱ በዚያው ወረቀት ባዶ ናሙና ጠርዞ ይስጥዎ፣ በማስመሪያ ይለኩት። እኔ አንዴ ሳልለካ ልኬ ርዕሱ እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቆ መጥቶልኛል።

ጥያቄ፦ የወንጀል ልብ ወለድ ጽፌ ሁሉም «የፍቅር ነው?» ይለኛል። ለምን?

ሽፋንዎ ላይ ያለው የምትጠልቅ ጀንበር፣ እጅ ለእጅ የተያያዙ ጥንዶች፣ ጌጠኛ ፊደል ነው። ሌላ ምን ይበሉ? ከርዕሱ ሥር «ረጅም ልብ ወለድ» ማለትም አያድንም፤ ርዝመቱን እንጂ ዓይነቱን አይናገርም። ሬሳ ይታይ አላልኩም። ከታሪኩ አንድ ዕቃ ይምረጡ፣ ለምሳሌ የተሰበረ መነጽር። ጨለማ መደብ ላይ ብቻውን ይሁን፤ ርዕሱም ቀጥ ባለ ፊደል ይጻፍ።

የጀርባ ሽፋኑንም አየሁት። ሁለት ዲግሪ፣ ሦስት ልጆች፣ የተወለዱበት ወረዳ። ማን እንደተገደለ ግን የለም። እሱን ከላይ በአራት አጭር ዓረፍተ ነገር ያስቀድሙ። ለእርስዎ ከታች፣ ከፎቶው ጎን፣ ሁለት መስመር ይበቃል።