የሶፍትዌር ግዢውን ውጤት ለሥራ አስኪያጅ በአንድ ገጽ ማስረዳት

ጥያቄ፦ «ለሒሳብ ክፍላችን ሊገዛ የታሰበ ሶፍትዌር አለ። ዛሬ 900 ይከፈልበታል፤ በየዓመቱ 420 ወጪ ያስቀራል፤ ለጥገናና ለድጋፍ ደግሞ በዓመት 120 ይጠይቃል። ቁጥሮቹ በሺህ ሲሆኑ ግብርም ታስቦባቸዋል። ለአምስት ዓመት በ12 በመቶ ሳሰላው የተጣራ የአሁን ዋጋው 162 ሆነ፤ ባልደረባዬ ግን 181 ነው ይላል። ሥራ አስኪያጃችን የፋይናንስ ሰው አይደሉም፤ በአንድ ገጽ ጻፍልኝ ብለውኛል። ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

መልስ፦ በቅድሚያ ቁጥሩ ይስተካከል፤ ትክክል የሆነው ባልደረባዎ ነው። ልዩነቱ የመጣው ከኤክሴል ቀመር አሠራር ነው። `NPV` የተባለው ቀመር ከሚሰጡት ዝርዝር ውስጥ የመጀመሪያውን ቁጥር ዛሬ ሳይሆን ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚመጣ አድርጎ ይቆጥረዋል። እርስዎ ዛሬ የሚከፈለውን 900 በዚያው ዝርዝር ውስጥ ስላስገቡት ክፍያውም፣ ተከትለውት የሚመጡት አምስት ዓመታትም፣ እያንዳንዳቸው አንድ ዓመት ዘግይተዋል፤ 181ን ለ1.12 ሲያካፍሉት 162 የሚወጣው ለዚህ ነው። የዛሬው ክፍያ በመቀነስ ምልክት B2 ላይ፣ የየዓመቱ 300 ደግሞ ከC2 እስከ G2 ከተጻፈ ቀመሩ እንዲህ ይሁን፦

```
=NPV(12%,C2:G2)+B2
```

ወደ ገጹ ስንመጣ፣ ሥራ አስኪያጅዎ ወረቀቱን ሲያነቡ በልባቸው የሚሠሩትን ሒሳብ አስቀድመው ይወቁት። 420 ገብቶ 120 ሲወጣ በዓመት 300 ይተርፋል፤ በአምስት ዓመት 1,500 ይሆናል፤ ከዚህ ላይ 900 ሲቀነስ 600 ይቀራል። ወረቀቱ ላይ ግን 181 ተጽፎ ያገኙታል። ይህ የ419 ልዩነት የት እንደገባ ካልነገሯቸው የቀረውን ገጽ በጥርጣሬ ነው የሚያነቡት፤ መጠርጠራቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ ማብራሪያው ከዚህ ይጀምር። የቅናሽ ምጣኔ የሚለውን ቃል ከመተርጎም ይልቅ አንድ ዓመት ብቻ መዞ ማሳየት ይሻላል። በአምስተኛው ዓመት የሚመጣው 300 ዛሬ በ170 ይተመናል፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ዛሬ 170 ይዞ በየዓመቱ 12 በመቶ ቢያተርፍበት በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ያው 300 ይሆንለታል። በመጀመሪያው ዓመት የሚመጣው 300 ግን ብዙ ስለማይጠበቅ በ268 ይተመናል። አምስቱ ዓመታት በዚህ መንገድ ሲደመሩ 1,081 ይሆናሉ፤ 900ው ሲቀነስ 181 ይቀራል።

ቀጥሎ የሚነሳው «ታዲያ 181 ትርፋችን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «አዎ» ብሎ ያልፋል፤ እኔ ግን አይመቸኝም። 181 በአንድ ዓመት የትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ የሚገኝ ቁጥር አይደለም። ድርጅቱ ያወጣውን 900 ካስመለሰ፣ ገና ባልተመለሰው ገንዘብ ላይም በየዓመቱ 12 በመቶ ካገኘ በኋላ፣ በዛሬ ዋጋ ሲተመን ከዚያ በላይ የሚቀርለት ነው። ውጤቱ ዜሮ ቢሆን እንኳ ኪሳራ ማለት አይሆንም፤ ሶፍትዌሩ ድርጅቱ የሚፈልገውን 12 በመቶ ልክ በልኩ ከፍሏል ማለት ነው።

ስለ 12 በመቶው ረጅም ክርክር ገጹ ላይ አያስገቡ። ከፋይናንስ ክፍሉ የተወሰደ መሆኑን በአንድ ሐረግ ይጥቀሱና ይለፉ። ምጣኔው 14 ቢሆን ውጤቱ ወደ 130 ይወርዳል፤ ዜሮ የሚጠጋው ደግሞ ምጣኔው 20 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው። ስለዚህ የዚህ ግዢ አደጋ ከምጣኔው በኩል የሚመጣ አይደለም።

አደጋው ያለው መጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ስሌትዎ ሶፍትዌሩ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ሙሉውን 420 እንደሚያስቀር ይዞ ይነሳል። በተግባር ግን የቀድሞው መረጃ ተጣርቶ እስኪዛወርና ሠራተኛው እስኪለምደው ድረስ አሮጌውና አዲሱ አሠራር ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ የጥገና ክፍያው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ዓመት የተገኘው ቁጠባ ግማሹ፣ ማለትም 210 ብቻ ቢሆን፣ ከጥገናው በኋላ የሚተርፈው 90 ነው፤ የተቀሩት አራት ዓመታት ሳይነኩ እንኳ ውጤቱ ከ181 ወርዶ ከዜሮ በታች 6 ይሆናል። የስድስት ወር መዘግየት የግዢውን ጥቅም በሙሉ ይበላዋል ማለት ነው። ሥራ አስኪያጅዎ ሊወስኑበት የሚችሉት ነገር ይህ በመሆኑ የገጹን ሰፊ ቦታ ለዚህ ይስጡት።

ከዚሁ ጋር የ420ውን ምንጭ ይመርምሩ። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ «የሚቆጠብ የሥራ ሰዓት» የሚል ረድፍ በደመወዝ አባዝቼ እንደ ገንዘብ አቅርቤ ነበር። ገጹን ያነበቡት ኃላፊ «ከደመወዝ መዝገቡ ላይ የሚቀነሰው የማን ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ሰዓት ጥሬ ገንዘብ የሚሆነው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀር፣ ሊቀጠር የነበረ ሰው ሳይቀጠር ሲቀር ወይም ለውጭ ድርጅት ይከፈል የነበረ አገልግሎት ሲቋረጥ ነው። ከእነዚህ በአንዱ የማይደገፍ ቁጠባ ካለ ከስሌቱ አውጥተው በቃላት ብቻ ይግለጹት። የሚያወጡት በዓመት ከ50 ካለፈ ውጤቱ ከዜሮ በታች እንደሚሆንም ይወቁ።

እንግዲህ እኔ ብጽፈው የገጹ ዋና ክፍል እንዲህ ይነበባል፦

«ሶፍትዌሩ እንዲገዛ ሐሳብ የምናቀርበው በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው። ዛሬ 900 አውጥተን በየዓመቱ የተጣራ 300 ለአምስት ዓመት ብናተርፍ፣ ገንዘባችን ተመልሶ፣ ፋይናንስ ክፍሉ የሚጠይቀው 12 በመቶም ተከፍሎ፣ በዛሬ ዋጋ 181 ይቀረናል። ተራው ድምር 600 ቢመስልም፣ ዘግይቶ የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ ካለን ገንዘብ ያነሰ ስለሚተመን ልዩነቱ ይፈጠራል፤ ለምሳሌ የአምስተኛው ዓመት 300 ዛሬ 170 ነው። ውጤቱ በይበልጥ የሚወሰነው ሥራው በሚጀመርበት ቀን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የታሰበው ቁጠባ በግማሽ ቢቀንስ 181ዱ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት የመረጃ ዝውውሩን የሚመራ አንድ ኃላፊ እንዲመደብና የጥገና ክፍያው ሥርዓቱ ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እንዲቆጠር ከሻጩ ጋር እንድንደራደር ውሳኔዎን እንጠይቃለን።»

የየዓመቱን ሰንጠረዥ ከገጹ ጀርባ በአባሪነት ያያይዙት። ሶፍትዌሩን ለመምረጥ እስካሁን ለጥናትና ለአማካሪ የተከፈለ ገንዘብ ካለ ግን ከ900ው ውስጥ አለመግባቱን ያረጋግጡ፤ ሶፍትዌሩ ተገዛም አልተገዛ ያ ገንዘብ አይመለስም።