ኮሚሽን ሳይኖር 20 ዶላሩ የት ገባ?

«100 አክሲዮን በ5 ዶላር ገዛሁ፤ ኮሚሽን የለውም። ግን አፑ ወዲያው 20 ዶላር ከስረሃል ይለኛል። ዋጋው ሳይወርድ ብሬ የት ገባ?»

የሄደው በሁለቱ ዋጋዎች ልዩነት ነው። ስክሪኑ ላይ Bid እና Ask የሚሉትን እያቸው። አንተ የገዛኸው በAsk፣ በ5.00 ነው። አሁኑኑ ልሽጥ ብትል የሚሰጡህ ግን Bid ነው፣ 4.80። አፑ የተመነልህ በዚህኛው ስለሆነ 500ው 480 ሆኖ ታየህ።

ልዩነቱ የሚሄደው ሁለቱንም ዋጋ ለጥፎ ለሚጠብቀው ማርኬት ሜከር ነው። ያንተ አክሲዮን ብዙ ፈላጊ የለውም፤ ስለዚህ አንዴ ከገዛ ሌላ ገዢ እስኪመጣ ታቅፎት ይቀመጣል፣ እስከዚያ ዋጋው ሊወርድበት ይችላል። ይባስ ብሎ የሚሸጥለት ሰው እሱ ያልሰማውን ወሬ የሰማ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ ስጋት ነው ልዩነቱ ውስጥ የሚከተው። በብዛት የሚሸጡ የሚለወጡት ትልልቆቹ አክሲዮኖች ላይ ግን ልዩነቱ ብዙ ጊዜ 1 ሳንቲም ነው፣ ለ100 አክሲዮን 1 ዶላር ማለት ነው። ያንተ 4 በመቶ ገደማ ነው። ኮሚሽን ባይባልም ከፍለሃል፤ ለመመለስ ብቻ Bid 20 ሳንቲም መውጣት አለበት።

አንድ ነገር ልንገርህ፦ እንዲህ ያለውን አክሲዮን በMarket order፣ ማለትም ባለው ዋጋ አሁኑኑ ግዛልኝ በሚለው ትእዛዝ፣ አትንካው፣ በተለይ ገበያው ገና ሲከፈት፤ ያኔ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይሰፋል። Limit order አድርገህ፣ ማለትም ከዚህ በላይ አልከፍልም ብለህ፣ መሃል ላይ፣ 4.90 አካባቢ ጠይቅ። ትእዛዙ ላይፈጸምልህ ይችላል፣ እኔም ስንቴ ቀርቶብኛል፣ ግን ከተፈጸመ የልዩነቱ ግማሽ ኪስህ ቀረ።