ጥያቄና መልስ፦ መኪናው መቼ ይውጣ፣ መቼ ጋራዥ ይግባ?

ጥያቄ፦ በየ15,000 ኪሎ ሜትሩ ሰርቪስ እናደርጋለን። ታዲያ መኪኖቻችን ለምን መንገድ ላይ ይቀራሉ?

መልስ፦ ሰርቪሱ በተግባር ስንት ላይ እንደሚሠራ እዩ። አንድ መኪና ከመጨረሻው ሰርቪስ ወዲህ 13,600 ሄዷል እንበል። ደርሶ መልሱ 2,200 ነው። ስምሪት ክፍሉ «ገና 1,400 ይቀረዋል» ብሎ ይለቀዋል። ሲመለስ 15,800 ይሞላል። ግን ጭነት ይጠብቀዋል፤ እንደገና ይወጣል። ጋራዥ የሚገባው 18,000 ላይ ነው። የቀረው ኪሎ ሜትር ከደርሶ መልሱ ካነሰ፣ መኪናው ከመውጣቱ በፊት ሰርቪሱ ይሠራ። ስምሪት ክፍሉም የቀረውን ኪሎ ሜትር ከሾፌሩ ስም ጎን ይጻፈው።

ጥያቄ፦ እኛ አንድ መኪና ለሁለት ሾፌር ነው የምንሰጠው። ሰው ካልደከመ ብልሽትም ይቀንሳል አይደል?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። ያልደከመ ሾፌር ፍሬኑንም ማርሹንም በአግባቡ ይይዛል። ሰው ሲፈራረቅ ግን መኪናው አያርፍም፤ መካኒኩ የሚያገኝበት ሰዓት ይጠፋል። በየመመለሻው ቢያንስ ግማሽ ቀን ለጋራዥ ተዉ።

ሌላም አለ። «ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ይስባል» የሚለው ወሬ ከአንዱ ሾፌር ጋር ቤቱ ይሄዳል። ርክክቡ ላይ ሁለቱም መኪናውን አብረው ይዙሩት፤ የታየውም የተሰማውም ይጻፍ። ተረካቢው የፈረመበት ጉድለት ሳይታይ መኪናው አይውጣ።

ጥያቄ፦ እኔ ሾፌር አልቸገረኝም። የተሳቢዬ ኩሽኔታ ነው ደጋግሞ የሚቃጠለው።

መልስ፦ ይህም ከስምሪት ጋር ይያያዛል። ብዙ ተሳቢ ኪሎ ሜትር ቆጣሪ የለውም። ዛሬ ከአንዱ ጎታች፣ ነገ ከሌላው ጋር ይወጣል፤ ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። የራሱ ደብተር ይኑረው፤ የእያንዳንዱ ጉዞ ኪሎ ሜትር ይደመርበት።

ሾፌሩ ለእረፍት ሲቆም ደግሞ እጁን ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል ያስጠጋ፤ አይንካ፣ ያቃጥላል። አንዱ ከሌሎቹ ለይቶ ከጋለ ችግር አለ። ጋራዥ ውስጥ ጎማው ከፍ ብሎ፣ ፍሬኑ ተለቆ ሲዞር ከተንቋቋ ወይም ከተወዛወዘ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። አልዞር ካለ ፍሬኑ ይዞ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ኩሽኔታው ብቻ እየተቀየረ የሚቃጠል ከሆነ፣ የፍሬኑን ነገር ያየ ሰው አለ?

ጥያቄ፦ ለእያንዳንዱ ሾፌር አንድ ቋሚ መኪና ይሻላል?

መልስ፦ እኔ ወደዚያ አደላለሁ። የለመደው ሰው አዲስ ድምፅ ቶሎ ይለያል።

ሌላ አባል፦ አልስማማም። ሾፌሩ ሲታመም መኪናው ይቆማል። ደግሞ የለመደ ጆሮ ጉድለቱንም ይለምደዋል።

መልስ፦ ሁለተኛው ነጥብህ እውነት አለው። ቋሚ ሾፌር ያለውንም መኪና አልፎ አልፎ ሌላ ሰው ይንዳው።